የመስኮት ጥግ ላይ የወጣ ስንጥቅ ምን እያለ ነው?

ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ልስን ለመለጠፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንብቡት። ጥጉ ላይ የሚጀምረው ግድግዳው እዚያ ለመስኮት ወይም ለበር ክፍት ስለተተወ ነው፤ ጫናው ክፍቱን ዞሮ ሲያልፍ ጥጎቹ ላይ ይከማቻል።

ከውጭም ከውስጥም እዩት። በአንድ በኩል ብቻ ያለና እንደ ፀጉር የቀጠነ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የልስን መድረቅ ነው። በሁለቱም በኩል ካለና በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየወጣ ከሄደ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከስር መሬቱ ከድቶ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሽቅብ የሚወጣው ብዙ ጊዜ መሬቱ ወደከዳበት ጎን ነው። ለምሳሌ ስንጥቁ ከመስኮቱ የላይኛው ቀኝ ጥግ ተነስቶ ወደ ቤቱ ቀኝ ጫፍ ይወጣል እንበል፤ ስፋቱ ታች 1 ሚሊሜትር፣ ላይ 4 ሚሊሜትር ነው። የቀኙ ማዕዘን እየሰመጠ ወደ ውጭ እያዘነበለ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምታዩት እዚያ ጥግ ስር ያለውን መሬት ነው፤ የአሸንዳ ውሃ እዚያ ይፈስሳል? የተሰበረ ቱቦ አለ? (ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ውሃ ነው።) ስንጥቁ ታች ሰፍቶ ላይ ከጠበበ ደግሞ የሰመጠው የግድግዳው መሃል ሊሆን ይችላል።

ስንጥቆቹ ከክፍቱ በላይ ብቻ ከሁለቱም ጥግ ተነስተው እንደ ጎጆ ጣሪያ የሚገናኙ ከሆነ፣ መሠረቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ሊንቴሉን፣ ማለትም ከክፍቱ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከመውን አግዳሚ፣ ጠርጥሩ፤ ጎብጦ ወይም ግድግዳው ላይ በቂ ሳይቀመጥ ቀርቶ ይሆናል።

አሁንም እየሄደ መሆኑን ለማወቅ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ጻፉ፣ ስፋቱንም አንድ ቦታ ላይ በየወሩ ለኩ። ከ5 ሚሊሜትር ካለፈ ወይም በሩ መዝጋት እምቢ ካለ መሐንዲስ ጥሩ።