ቤት ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ፦ ቡስተርና የውጭ አንቴና የት ድረስ ያግዛሉ?

ደጅ ቆማችሁ ስታወሩ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሳሎን ስትገቡ መቆራረጥ ይጀምራል። ጓዳ ስትደርሱ ጭራሽ ይጠፋል። በዚህ የተማረረ ሰው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ሱቅ ሄዶ ቡስተር ይገዛል። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን ቡስተር ምን እንደሚሠራ በደንብ ማወቅ አለባችሁ።

ቡስተር ኔትወርክ አይፈጥርም። ጣራ ላይ የሰቀላችሁት አንቴና የያዘውን ሲግናል በኬብል ተቀብሎ ያጎላዋል፣ ከዚያም በሌላ አንቴና ቤት ውስጥ ይለቀዋል። ከስልካችሁ የሚወጣውንም እንዲሁ አጉልቶ ወደ ታወሩ ይመልሳል። ጣራው ላይ የሌለውን ነገር ማንም ሣጥን ወደ ሳሎናችሁ ሊያስገባው አይችልም። ስልክ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው “የኔትወርክ ማጉያ” ስቲከርማ ባትሪም የለው፣ ማጉያም የለው፤ አትግዙት።

መጀመሪያ ልኩ

ስልኩ ላይ የሚታዩትን መስመሮች አትመኑ። እያንዳንዱ የስልክ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚስላቸው። ቁጥሩን እዩ። አንድሮይድ ላይ `Settings > About phone > SIM status` ውስጥ `Signal strength` የሚል ታገኛላችሁ። አይፎን ላይ `*3001#12345#*` ብላችሁ ደውሉና `RSRP` የሚለውን የሲግናል ጉልበት መለኪያ ፈልጉ።

ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። በ4ጂ `-85 dBm` አካባቢ ጥሩ ነው። `-100` ያሠራል። ከ`-110` በታች ሲወርድ ችግር ይጀምራል፣ `-120` ላይ አለ ለማለትም ይከብዳል። በእነዚህ ቁጥሮች 3 ዴሲቤል መቀነስ ማለት ጉልበቱ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። 10 ከቀነሰ ደግሞ የቀረው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው።

መጀመሪያ በጣም በሚያስቸግረው ክፍል፣ ቀጥሎ በር ላይ፣ ከዚያ ጣራ ላይ ለኩ። በየቦታው አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ ስልኩ ቁጥሩን ቶሎ አያድስም። የምታወዳድሩት 4ጂን ከ4ጂ ጋር መሆኑንም አረጋግጡ።

ምልክት፦ ጣራ ላይ አለ፣ ቤት ውስጥ የለም

መንስኤው ቤቱ ራሱ ነው። ብረት የገባበት ሶሌታ፣ ወፍራም ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ሲግናሉን ይበሉታል። ቡስተር የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው።

አንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት እንውሰድ። ጣራው ላይ `-98`፣ ምድር ቤት ባለው መኝታ ክፍል `-118` ይለካል እንበል። ጣራው ላይ ወደ ታወሩ የዞረ፣ ያጊ የሚባለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ አንቴና 10 ዴሲቤል ይጨምርና `-88` ይሆናል። 15 ሜትር ጥሩ ወፍራም ኬብል 3 ያህል ይበላል፤ `-91` ደረስን። 65 ዴሲቤል የሚያጎላ ቡስተር ወደ `-26` ያወጣዋል። የውስጡ አንቴና ከኬብሉ ኪሳራ ተርፎ 6 ቢጨምር `-20` ይሆናል። ከዚያ በኋላ አየሩ ይቀበለዋል። በ1800 ሜጋኸርዝ አምስት ሜትር ርቀት ብቻ 51 ዴሲቤል ገደማ ይወስዳል፣ አንድ የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ 10 ያህል። መኝታ ክፍሉ ውስጥ `-81` አካባቢ እናገኛለን። ግምት ነው፤ ቢሆንም `-118` ከነበረበት ቦታ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ከሂሳቡ ሌላም ነገር ይታያል። ከውስጡ አንቴና በራቃችሁና ግድግዳ በጨመረ ቁጥር ሲግናሉ ቶሎ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ የውስጥ አንቴና የሚበቃው ለአንድ ወይም ለሁለት ክፍል ነው። “ለ500 ካሬ” የሚለው የካርቶን ጽሑፍ ግድግዳ የሌለበት ሜዳ ላይ የታሰበ ነው።

ኬብሉ ላይ አትቆጥቡ። በቀጭኑ `RG-58` ያንኑ 15 ሜትር ብትዘረጉ ኪሳራው ከ3 ወደ 11 ገደማ ይወጣል። ይህ የሚጠፋው ገና ሳይጎላ ነው። ቡስተሩን ለጣራው ማቅረብና የውጩን ኬብል ማሳጠር ይሻላል።

ምልክት፦ ጣራ ላይም የለም

ከላይ ያለውን ሂሳብ ጣራው ላይ `-118` ብላችሁ እንደገና ሥሩት። መኝታ ቤት `-101` ይወጣል፣ ስልኩም መስመር ያሳያል። ጥሪው ግን ያን ያህል ላይሻሻል ይችላል። እዚያ ደረጃ ላይ ሲግናሉና የአየሩ ጩኸት በጣም ይቀራረባሉ፤ ቡስተሩ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚያጎላው።

እዚህ ያለው አማራጭ ምሰሶ ማቆም ብቻ ነው። የስክሪን ቪዲዮ ቀረጻ አስጀምሩ፣ ስልካችሁን ረጅም እንጨት ላይ አስራችሁ ወደ ላይ አውጡትና በየከፍታው አንድ ደቂቃ ያህል አቆዩት። አራት ወይም አምስት ሜትር ላይ ቁጥሩ በግልጽ ከተሻሻለ፣ ምሰሶ ተክሎ ያጊ መስቀል ያዋጣል። ካልተሻሻለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ምልክት፦ መስመሩ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ይንቀረፈፋል

ሌሊት ይፈጥናል፣ ማታ በአንድና በሁለት ሰዓት ይሞታል? ታወሩ ተጨናንቋል። ያንን መስመር ከናንተ ጋር የሚጋራው ሰው ብዛት በቡስተር አይቀንስም። እንዲያውም አብዛኞቹ የቤት ቡስተሮች በአንድ አንቴና ስለሚሠሩ፣ ስልኩ በሁለት መንገድ ይቀበል የነበረውን ወደ አንድ ያወርዱታል። መስመሩ ጨምሮ ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል። በተመሳሳይ ሰዓት የሌላውን ኦፕሬተር ሲም ሞክሩ፤ ከቡስተር በጣም ይረክሳል።

ምልክት፦ ቡስተር ተገጠመ፣ ችግሩ ባሰ

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ቡስተር የሚጣለው ተበላሽቶ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነውና።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሣጥኑ ላይ ቀይ ወይም ብጫ መብራት ይበራል። ስልኩ `-60` እያሳየ ጥሪ አይወጣም። ወይም ደግሞ የውስጡ አንቴና ሥር ካልቆማችሁ ምንም አይሠራም። አንዳንዴ ጎረቤት “ከሰሞኑ ኔትወርካችን ምን ነካው?” ማለት ይጀምራል።

መንስኤው ቡስተሩ የራሱን ድምፅ መስማቱ ነው። የውስጡ አንቴና የለቀቀውን የውጩ አንቴና መልሶ ይይዘዋል፣ እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይለቀቃል። ማይክ ወደ ሞንታርቦ ሲጠጋ የሚጮኸው ዓይነት ነገር ነው፤ ልዩነቱ ጩኸቱ በጆሮ አለመሰማቱ ነው። ደህና ቡስተር ይህን ሲያውቅ የራሱን ጉልበት ይቀንሳል፤ “ሥሩ ካልቆምኩ አይሠራም” የሚባለው ለዚህ ነው። ርካሹ ግን መጮሁን ይቀጥላል፣ ጩኸቱም ታወሩ ድረስ ይደርሳል።

የሚያስፈልገው በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ያለው ኪሳራ ከቡስተሩ ጉልበት መብለጡ ነው። ቡስተሩ 65 ካጎላ በመካከላቸው ቢያንስ 75 ዴሲቤል ቢጠፋ ጥሩ ነው። አሥር ሜትር ባዶ አየር በ1800 ሜጋኸርዝ 57 ያህል ብቻ ነው የሚያጠፋው። የቀረውን ሶሌታው፣ ቆርቆሮውና የአንቴናው አቅጣጫ መሙላት አለባቸው።

ስለዚህ የውጩ አንቴና ጀርባውን ለቤቱ ይስጥ፣ ፊቱ ወደ ታወሩ ይሁን። ከቆርቆሮው በላይ ይውጣ፤ ኮርኒስ ውስጥ የተደበቀ አንቴና ከቆርቆሮው ሥር ስለሆነ ውጩን በደንብ አይሰማም፣ ውስጡን ግን ይሰማል። ሲግናል ሲያጠፋባችሁ የነበረው ቆርቆሮና ሶሌታ አሁን ሁለቱን አንቴናዎች በመለየት ያገለግላችኋል። የውስጡ አንቴና ከሶሌታው በታች፣ ወደ ታች የሚያይ ይሁን። ጎን ለጎን ከማራቅ ላይና ታች ማራቅ ይበልጥ ይሠራል። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም መብራቱ ካልጠፋ፣ ጉልበቱን በማስተካከያው ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። በ55 በሰላም የሚሠራ ቡስተር በ65 ከሚጮኸው ይበልጣል።

ለማረጋገጥ ቡስተሩን ከሶኬት ንቀሉና ደጅ ወጥታችሁ ደውሉ። ሲነቀል ደጁ የሚሻሻል ከሆነ መሣሪያው ሰፈሩን እየረበሸ ነው፤ ሳይስተካከል መልሳችሁ አትሰኩት።

ፈቃድ የሚጠየቀውም በዚህ ምክንያት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም መሣሪያዎችን የሚቆጣጠር አካል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ኦፕሬተራችሁንና ባለሥልጣኑን ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የአገሩ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ ያጸደቀውን ብቻ ግዙ፣ ሳትሰኩትም ኦፕሬተራችሁ ዘንድ አስመዝግቡት። ለቤተሰብ ከዚያ ገዝቶ መላክ ግን አይመከርም። የአሜሪካ ቡስተሮች የሚያጎሉት የአሜሪካን ሞገዶች ነው፣ አገር ቤት ያለውን 900ም 1800ም ላያውቁት ይችላሉ።

ምልክት፦ ኢንተርኔቱ ተስተካከለ፣ ጥሪው ግን እንደ ድሮው ነው

ስልክ ስትደውሉ ከላይ ያለውን ምልክት ተመልከቱ። 4ጂ የነበረው ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ከተለወጠ፣ ጥሪያችሁ በሌላ ሞገድ ነው የሚሄደው። 1800ን ብቻ የሚያጎላ ቡስተር በ900 ወይም በ2100 ለሚሄድ ጥሪ ምንም አያደርግም። ሳምሰንግ ላይ `*#0011#` ብትደውሉ ሞገዱን ያሳያችኋል፦ በ4ጂ `Band 3` ማለት 1800፣ `Band 8` ማለት 900፣ `Band 1` ማለት 2100 ነው። በጥሪ ላይ እያላችሁም እዩት። የምትገዙት ቡስተር የኢንተርኔቱንም የጥሪውንም ሞገድ መያዝ አለበት።

ምልክት፦ ሲሠራ ከርሞ በክረምት ደከመ

ውሃ ገብቷል። ጣራው ላይ ያለውን ማያያዣ ፍቱት፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ካያዘ ኬብሉን ቆርጣችሁ ማያያዣውን ለውጡ። መልሳችሁ ውሃ በማያስገባ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉት። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ዝናቡ እዚያ ይንጠባጠባል። ምሰሶው ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዝ፣ መብረቅ ሲበዛም ቡስተሩን ንቀሉት።

የሚያስፈልጋችሁ ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ

ቡስተሩን ተዉትና ከጀርባው ሁለት የአንቴና መሰኪያ ያለው የ4ጂ ራውተር ፈልጉ። የውጭ አንቴናው ራሱ አያጎላም፣ ስለዚህ እላይ ያየነው ጩኸት አይመጣም። ሁለቱም የመቀበያ መንገዶች ስለሚሠሩ ፍጥነቱም አይሰዋም። ስልካችሁ በዋይፋይ ይጠቀማል፤ መደበኛው ጥሪ ግን በዚህ አይስተካከልም።

ሁለት ኬብል ያለው አንቴና ግዙና ሁለቱንም ሰኩ። ኬብሉ ከአሥር ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ራውተሩን ለጣራው አቅርባችሁ የቀረውን በኔትወርክ ኬብል ብታወርዱት ይሻላል። ከሰካችሁ በኋላ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የራውተሩን ገጽ ክፈቱ፣ በብዙ የሁዋዌ ራውተሮች አድራሻው `192.168.8.1` ነው። የአንቴና ምርጫ ካለው `External` አድርጉት። ከዚያ አንቴናውን በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ `RSRP` እና `SINR` የሚሉትን ያንብብላችሁ፤ `SINR` ሲግናሉ ከጩኸቱ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሁለቱ በተለያየ አቅጣጫ ከተሻሻሉ `SINR` ከፍ የሚልበትን ምረጡ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነው።