የአንድ ወር ፖስት በአንድ ፋይል ሲጫን፦ ችግርና መፍትሄ

አክስቴ ደሴ አራዳ ውስጥ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ስለምትወርድ ሱቁ ዝግ ነው። የሱቁን ገጽ የምይዘው እኔ ነኝ። በ2017 ነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ እሁድ ቁጭ ብዬ የመስከረምን 30 ፖስት በሙሉ ጻፍኩ። የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት፣ የመስቀል፣ ለግሸን ማርያም ተጓዦች የሚሆን ጋቢ፣ በየሰኞው ደግሞ «ዛሬ ባቲ ነን፣ ሱቁ ዝግ ነው» የሚል። ከዚያ ሁሉንም በአንድ የሲኤስቪ ፋይል አድርጌ ፖስት በቀጠሮ ወደሚለቀው መሳሪያ ጫንኩት።

መጻፉ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ፋይሉ ነው። የገጠሙኝን ችግሮች ከምልክታቸው ጀምሬ ልንገራችሁ። ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለቀኑ ነው፤ ምክንያቱም ሌላው ስህተት ይታያል፣ የቀን ስህተት ግን ይደበቃል።

ምልክት፦ አብዛኛው ረድፍ ተመለሰ፣ ጥቂቱ ገባ

ከ30ው ረድፍ 26ቱ በቀይ ተመለሰ። 4ቱ ገባ። እኔም የገባው ደህና ነው ብዬ ተውኩት፤ የተመለሱትን 26ቱን ብቻ አስተካክዬ እንደገና ጫንኩ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ደስ አለኝ።

መስከረም 1 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አክስቴ ደወለች። «አንተ ልጅ፣ የእንቁጣጣሹ ነገር የት ደረሰ? ሰው ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ጨርሷል እኮ!» ገብቼ ሳይ የእንቁጣጣሹ ፖስት ኖቬምበር 9 ላይ ተቀምጧል። በእኛ ጥቅምት 30 መሆኑ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። እኔ የጻፍኩት ቀንን አስቀድሜ ነበር፦ `11/09/2025`። መሳሪያው ደግሞ ወርን አስቀድሞ ነው የሚያነበው። ስለዚህ 11ኛው ወር፣ 9ኛው ቀን ብሎ ተረዳው። ኖቬምበር 9 ገና ስላልደረሰ አልተቃወመም፣ ዝም ብሎ ተቀበለው።

መስከረም 2018 የሚጀምረው ሴፕቴምበር 11 ሆኖ የሚያልቀው ኦክቶበር 10 ነው። በዚህ ዓይን 30ውን ረድፍ ብታዩት ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ`13/09` እስከ `30/09` ያሉት 18 ረድፎች ተመለሱ፤ 13ኛ ወር የሚባል ነገር በፈረንጁ አቆጣጠር የለም። ከ`01/10` እስከ `08/10` ያሉት 8 ረድፎችም ተመለሱ፤ የግሸን ማርያም `01/10` ጃንዋሪ 10 ሆኖ ስለተነበበ «ቀኑ አልፏል» ተባለ። የገቡት 4ቱ `11/09`፣ `12/09`፣ `09/10` እና `10/10` ናቸው። ከእነዚህ ትክክል የሆነው `10/10` ብቻ ነው፤ ቀኑና ወሩ እኩል ስለሆነ። ሌሎቹ ሦስቱ ኖቬምበር 9፣ ዲሴምበር 9 እና ሴፕቴምበር 10 ላይ ሄደው ተቀመጡ።

እንግዲህ ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ መታየት ያለበት የተመለሰው አይደለም። የተመለሰው ራሱ ይጮኻል። የመሳሪያውን የቀን መቁጠሪያ ገጽ ክፈቱና የገቡትን አንድ በአንድ እዩ። ከጫናችሁት ወር ውጭ፣ ሁለትና ሦስት ወር ወደፊት ገልጣችሁም ተመልከቱ። እዚያ ፖስት ካለ ቀንና ወር ተገላብጠዋል።

መፍትሄው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ መሳሪያው ራሱ የሚሰጠውን የናሙና ፋይል አውርዱና የቀኑን አጻጻፍ ከዚያ ላይ ውሰዱ፤ በግምት አትጻፉ። ሁለተኛ፣ የፈረንጁን ቀን በእጅ አትጻፉ። በጎግል ሺትስ ወይም በኤክሴል የመጀመሪያው አምድ ላይ የእኛን ቀን ከ1 እስከ 30 ብቻ ጻፉ። ቀጥሎ ባለው አምድ ላይ ይሄን ቀመር አስገቡ፦

```
=TEXT(DATE(2025,9,10)+A2,"mm/dd/yyyy")&" 07:00"
```

ሴፕቴምበር 10 የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ስለነበር፣ 1 ሲደመርበት መስከረም 1 ይመጣል፣ 17 ሲደመርበት የመስቀል ሴፕቴምበር 27፣ 21 ሲደመርበት የግሸን ኦክቶበር 1 ይመጣል። እነዚህን ሦስት በዓላት ማረጋገጫ አድርጓቸው። ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን አንድ ቀን ይገፋል፤ የ2020 መስከረም 1 ለምሳሌ ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የሚውለው።

ምልክት፦ ፖስቱ በትክክለኛው ቀን፣ በተሳሳተ ሰዓት ወጣ

እዚህ ላይ የልዩነቱን መጠን ቁጠሩ። ምክንያቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ልክ 6 ሰዓት ቀድሞ ከወጣ፣ በእኛ ሰዓት ጽፋችሁታል ማለት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ለማለት `01:00` ብትጽፉ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይወጣል። ሰው ተኝቷል። የማታውን 2 ሰዓት `02:00` ካላችሁት ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል፣ 18 ሰዓት ቀድሞ መሆኑ ነው። ለጠዋትና ለቀን ሰዓት 6 ደምሩ፣ ለማታ ደግሞ 18። የማታው 2 ሰዓት `20:00` ነው። 12 ሰዓት ላይ ብቻ ጠንቀቅ በሉ፤ የንጋቱ `06:00`፣ የምሽቱ `18:00` ነው።

ልክ 3 ሰዓት ዘግይቶ ከወጣ ግን ፋይሉ ምንም አልሆነም። የመለያው የሰዓት ቀጠና `UTC` ላይ ነው ያለው። `07:00` ያላችሁት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይወጣል። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ `Africa/Addis_Ababa` ወይም `UTC+3` አድርጉት። መለያውን የከፈተላችሁ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከሆነ ቀጠናው የእሱ ከተማ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ልዩነቱ በበጋና በክረምት ሊለያይ ይችላል። ፋይሉን ከመነካካታችሁ በፊት ይሄን እዩት።

ምልክት፦ ፊደሉ ጠፋ

ፊደሉ የሚጠፋው በሁለት መልክ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱ ይድናል፣ ሌላው አይድንም።

«ሰላም» የሚለው `???` ከሆነ ፊደሉ ከፋይሉ ውስጥ ጠፍቷል። ይሄ የሚመጣው ኤክሴል ላይ `CSV (Comma delimited)` ብላችሁ ስታስቀምጡ ነው። ያ ምርጫ ብዙውን ጊዜ ግዕዙን አይዝም፣ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ከዚያ ፋይል የሚመለስ ነገር የለም፤ ወደ ዋናው ሺት ተመለሱና `CSV UTF-8 (Comma delimited)` በሚለው አስቀምጡ።

`ሰ` የሚለው ፊደል እንዲህ ሆኖ ከታየ ግን አትደንግጡ፦

```
ሰ
```

ፊደሉ አለ፤ የከፈተው ፕሮግራም ነው በሌላ ዓይን ያነበበው። ከጎግል ሺትስ የወረደ ፋይል በኤክሴል ድርብ ጠቅ ተደርጎ ሲከፈት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይታያል። አደጋው ያኔ `Save` ማለት ነው። ሳታስቀምጡ ዝጉትና በኖትፓድ ክፈቱት። አማርኛው በደንብ ከተነበበ፣ ታች በቀኝ በኩልም `UTF-8` ካለ፣ ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ ጫኑት።

የሲኤስቪ ፋይልን በኤክሴል ከፍቶ ማስቀመጥ ሌላም ጣጣ አለው። ኤክሴል ቀን የሚመስለውን ሁሉ በራሱ አጻጻፍ ይለውጠዋል፤ ያ ሁሉ የቀመር ልፋት ገደል ይገባል። ስለዚህ ዋናው ሺት አንድ ይሁን፣ ማንኛውም እርማት እዚያ ላይ ይደረግ፣ ሲኤስቪው በየጊዜው እንደ አዲስ ይውረድ።

አልፎ አልፎ መሳሪያው «`date` የሚባል አምድ የለም» ይላል፣ እናንተ ግን አምዱን በዓይናችሁ እያያችሁት ነው። ከፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ተለጥፎ ይሆናል። በኖትፓድ `Save As` በሉና ከ`UTF-8 with BOM` ወደ `UTF-8` ቀይሩት።

ምልክት፦ ጽሑፉ መሃል ላይ ተቆረጠ

የአክስቴ ጋቢ ዋጋ ላይ የደረሰ ነው። «ጋቢ 1,500 ብር» የሚለው «ጋቢ 1» ሆኖ ቀረ፣ «500 ብር» ደግሞ የሊንኩ አምድ ውስጥ ገባ። ሲኤስቪ አምድን ከአምድ የሚለየው በፈረንጁ ኮማ ነው። የእኛ ነጠላ ሰረዝ (፣) ምንም አያደርግም፤ የሚጎዳው የቁጥሩ ኮማ ነው። ከሺት የወረደ ፋይል ጽሑፉን ራሱ በጥቅስ ስለሚከብበው ይሄ አይደርስበትም። የሚደርሰው አንድ ረድፍ በኖትፓድ በእጅ ስትጨምሩ ነው። ያኔ ጥቅሱን ራሳችሁ አድርጉ፦

```
date,text,link
09/11/2025 07:00,"እንኳን አደረሳችሁ። ጋቢ 1,500 ብር።",
```

ፎቶው ካልመጣ ደግሞ ሊንኩን እዩት። የጎግል ድራይቭ ማጋሪያ ሊንክ ፎቶው ያለበትን ገጽ ነው የሚከፍተው፣ ፎቶውን ራሱን አይደለም። መሳሪያው በቀጥታ ፎቶው ላይ የሚያደርስ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሊንክ ይፈልጋል።

ምልክት፦ አንዱ ፖስት ሁለት ጊዜ ወጣ

ግማሹ ገብቶ ግማሹ ሲመለስ ሙሉውን ፋይል ደግማችሁ ጭናችኋል። መሳሪያው የድሮውን አይደመስስም፣ ላዩ ላይ ይጨምራል። ወይ የተመለሱትን ረድፎች ብቻ የያዘ ፋይል አውርዱ፣ ወይ የገቡትን በሙሉ ሰርዛችሁ ከዜሮ ጫኑ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ 30 ረድፍ ለመሰረዝ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፣ የትኛው ገባ የትኛው ቀረ እያሉ መቁጠር ግን ራስ ያዞራል።

አሁን ሙሉውን ከመጫኔ በፊት 4 ረድፍ ብቻ እሞክራለሁ። አንዱ ቀኑ ከ12 በታች የሆነ፣ አንዱ ከ12 በላይ የሆነ፣ አንዱ የማታ፣ አንዱ ዋጋና ኮማ ያለበት። አራቱም በቦታቸው ከተቀመጡ እሰርዛቸውና ሙሉውን እጭናለሁ። ለጥቅምት ያንኑ ሺት ነው የተጠቀምኩት፤ ከቀመሩ ውስጥ የተቀየረው `DATE(2025,10,10)` ብቻ ነው። አራቱም የሰኞ «ባቲ ነን» ፖስቶች በየቦታቸው ገቡ።