ስፒድ ቴስቱ ደህና ነው፣ ጌሙ ግን ይጎትታል፦ ችግሩን ከምልክቱ መለየት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ አንድ ቤት እንውሰድ። ፋይበር ገብቷል፣ ፓኬጁ 25 ሜጋ ነው፣ ስፒድ ቴስት ሲደረግም 24 ያሳያል። ማታ ላይ ፎርትናይት ሲከፈት ግን ጥይቱ ዘግይቶ ይደርሳል። አልፎ አልፎ ደግሞ ተጫዋቹ ወደፊት ሮጦ በድንገት ወደነበረበት ይመለሳል። ሁለት ሰዎች በቀጥታ በሚገናኙበት የኳስ ጌም ላይ ደግሞ ባሕር ዳር ካለ ጓደኛ ጋር መገናኘት ጨርሶ አይቻልም።

ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ፓኬጁን ወደ 50 ሜጋ ያሳድጋል። ወርሃዊ ክፍያው ይጨምራል፣ ጌሙ ግን እንደነበረው ነው። ምክንያቱም አብዛኛው ጌም ሲጫወቱበት ከ1 ሜጋ በታች ነው የሚፈልገው። ስፒድ ቴስቱም ቢሆን የሚለካው በአቅራቢያው ወዳገኘው ሰርቨር ነው፤ የጌሙ ሰርቨር ግን ባሕር ማዶ ነው። እነዚህ ሦስት ምልክቶች የሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ ሦስቱም በሜጋ አይፈቱም።

ምልክት፦ እየዘለለ ወደኋላ ይመልሳል፣ አንዴ ደህና አንዴ መጥፎ ይሆናል

ፍተሻው ከቤት ይጀምር። ቤቱ ሳይጣራ የውጭውን መስመር መለካት ያሳስታል። ዊንዶውስ ላይ `cmd` ከፍተው `ipconfig` ይጻፉና `Default Gateway` ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር ይያዙ። የራውተሩ አድራሻ እሱ ነው። ከዚያ ወደዚያ አድራሻ 100 ጊዜ ፒንግ ይላኩ፦

```
ping -n 100 192.168.1.1
```

ውጤቱ መጨረሻው ላይ `Minimum = 2ms, Maximum = 214ms, Average = 19ms` ቢል፣ ብዙ ሰው 19ኙን አይቶ ደህና ነው ብሎ ያልፋል። መታየት ያለበት `Maximum` ነው። ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ለመድረስ 214 ሚሊሰከንድ የሚወስድ ግንኙነት፣ ጌሙ ላይ ያን መዝለል የሚያመጣው ራሱ ነው። ጥፋቱ የዋይፋይ ነው። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ሲግናሉን ያዳክመዋል፣ ቆርቆሮ ደግሞ መልሶ ያንጸባርቀዋል፣ የጎረቤት ዋይፋይም በዚያው ቻናል ላይ ይሻማል። የጠፋ መልእክት እንደገና ሲላክ የሚባክነው ጊዜ ነው ወደ 200 የሚያደርሰው።

መፍትሄው የኔትወርክ ኬብል ነው። ካት 5ኢ ይበቃል፣ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ጫፉን በእጅ የሚያስሩ ከሆነ፣ የገመዶቹ ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ ይኸው ይሁን፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴውን ከነጭ-አረንጓዴው አጠገብ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው። ያኔ መስመሩ ወይ ጭራሽ አይሠራም ወይ እየተቆራረጠ ይሠራል፣ ሰውም ኬብል ምንም አልጠቀመኝም ይላል። ኬብሉ ገብቶ ያው ፒንግ ሲደገም `Maximum` 1 ወይም 2 መሆን አለበት። ስልክ ላይ ለሚጫወትም ከታይፕ ሲ ወደ ኔትወርክ ኬብል የሚቀይር አዳፕተር አለ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ኬብሉን በግቢው አየር ላይ ከቤት ወደ ቤት አይዘርጉት። የጎጃም ክረምት መብረቅ ቀጥታ ባይመታውም፣ አጠገቡ ሲወድቅ በገመዱ ውስጥ የሚፈጥረው ቮልቴጅ የራውተሩንም የኮምፒውተሩንም ፖርት ያቃጥላል። ኬብል መዘርጋት ካልተቻለ ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ሆኖ በ5 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ መጫወት ይሻላል።

ምልክት፦ አይዘልም፣ ግን ሁሌም በእኩል መጠን ይዘገያል

ይህ የርቀት ችግር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያስከፍላል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ 53 ሚሊሰከንድ ማንም የማይቀንሰው ወለል ነው። ኬብሉ ግን በቀጥታ መስመር አይሄድም። አገራችን ወደብ ስለሌላት መስመሩ መጀመሪያ ወደ ጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ ወደ ጅቡቲ፣ ይወጣል፤ ከዚያ በቀይ ባሕርና በግብፅ አድርጎ ሜዲትራኒያን ይሻገራል። በዚህ ምክንያት እውነተኛው ፒንግ ከወለሉ እጥፍና ከዚያ በላይ ቢሆን አያስገርምም። ወደ አሜሪካ ሲሆን ደግሞ ወለሉ ራሱ ከ100 ይበልጣል።

ፎርትናይት ላይ `Settings` ውስጥ `Matchmaking Region` የሚለውን ሲከፍቱ ከየክልሉ አጠገብ የእርስዎ ፒንግ ይታያል። ካርታ አይተው ሳይሆን ያንን ቁጥር አይተው ይምረጡ። ዱባይ ከአዲስ አበባ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች `Middle East` ሁሌም ይቀርባል የሚመስላቸው አሉ። መስመሩ መጀመሪያ አውሮፓ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ግን `Europe` ያሸንፋል። ጌሙ የሚጠቀመውን የሰርቨር አድራሻ የሚያውቁ ከሆነ `cmd` ላይ `tracert` ብለው አድራሻውን ሲያስከትሉ መንገዱን በየደረጃው ያሳያል። በሚያልፍባቸው ራውተሮች ስም ውስጥ ብዙ ጊዜ የከተማ ምልክት አለ፤ `mrs` ማርሴይ፣ `fra` ፍራንክፈርት ነው። ወደ ዱባይ ሲሉ `mrs` ካዩ መንገዱ ዞሯል ማለት ነው።

ክልሉ በትክክል ተመርጦም ፒንጉ ከጓደኛ ጋር ሲጫወቱ ብቻ የሚጨምር ከሆነ የቡድኑን መሪ ይዩ። ክልሉን የሚወስነው የመሪው ምርጫ ነው። ዋሽንግተን ያለው የአክስት ልጅ ፓርቲውን ከከፈተ ሁላችሁም የምትጫወቱት አሜሪካ ሰርቨር ላይ ነው። መሪነቱን ወደዚህ ያዙሩት፤ ወይም መሪው አውሮፓን ይምረጥ፣ መዘግየቱ ለሁለታችሁም ይከፋፈላል።

ምልክት፦ ፒንጉ ደህና ነው፣ ግን ከጓደኛ ጋር አያገናኝም

ይህ የናት ጉዳይ ነው። ናት ማለት ራውተሩ የቤቱን መሣሪያዎች ሁሉ ከአንድ አድራሻ ጀርባ የሚያኖርበት አሠራር ነው፤ ከውስጥ ያልተጠራን እንግዳ በር ላይ ይመልሳል። ሁሉም ሰው ከአንድ ሰርቨር ጋር በሚገናኝበት ጌም ይህ ፒንግ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ተጫዋቾች በቀጥታ እርስ በርስ በሚገናኙበት ጌም ግን ሁለቱም በር ከተዘጋ የሚገባ የለም። ጌሞች `Open`፣ `Moderate`፣ `Strict` ይሉታል፤ ፕሌይስቴሽን ደግሞ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይቆጥራል። `Open` ከሁሉም ጋር ይገናኛል፣ `Strict` ግን በአብዛኛው ከ`Open` ጋር ብቻ።

ምክንያቱን ለመለየት ራውተሩ ገጽ ውስጥ ገብተው `WAN IP` የሚለውን፣ ማለትም ራውተሩ ወደ ውጭ የሚታይበትን አድራሻ፣ ያንብቡ። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ከፋይበሩ ሳጥን ጀርባ ሌላ ራውተር ገዝተው ደርበዋል ማለት ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛውን ራውተር ወደ `Access Point` ይቀይሩት። አድራሻው የሕዝብ፣ ማለትም ከውጭ በቀጥታ የሚገኝ፣ ከሆነ ለጌሙ በሩን በራሱ የሚከፍተውን `UPnP` ያብሩ፣ ራውተሩንም መሣሪያውንም አጥፍተው ያብሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ `Strict` የነበረው ይከፈታል። በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ግን ሌላ ናት ከቤት ውጭ፣ አገልግሎት ሰጪው ጋ አለ። በሞባይል ዳታ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ያኔ ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ድካም ብቻ ነው። ያለው መንገድ አገልግሎት ሰጪውን የሕዝብ አድራሻ መጠየቅ ነው፤ ያ ካልተገኘ ጨዋታውን የሚከፍተው በሩ ክፍት የሆነው ጓደኛ ይሁን፣ እርስዎ ይግቡበት።