በ-0.75 ሃንዲካፕ ትኬት ስትቆርጡ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ላይ "አሸንፌ ጎደለብኝ" የሚል ጭቅጭቅ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ መነሻው ከቡድናችሁ ጎል ላይ ቀንሶ ውጤቱን የሚያሰላው የኤዥያን ሃንዲካፕ ሩብ መስመር ነው።

በ-0.75 ስትመድቡ ብራችሁ እኩል ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በ-0.5፣ ግማሹ በ-1 ይያዛል። 200 ብር በ1.90 ኦድ አስይዛችኋል እንበል። ቡድናችሁ 2 ለ 1 አሸነፈ። የ-0.5ቱ 100 ብር በልቶ 190 ይሆናል። በ-1ዱ ግን አንድ ጎል ሲቀነስ ውጤቱ እኩል ነው። ይህ ፑሽ ይባላል፦ ትርፍም ኪሳራም የለም፣ 100 ብራችሁ ይመለሳል። የሚከፈላችሁ 290 ነው፤ ትርፉ 90 ብር ብቻ። 380 የምታገኙት ልዩነቱ ሁለት ጎልና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው። አቻ ከወጡ 200ውም ተበላ።

ጨዋታው ከሌላ ጋር ተቀጣጥሎ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይደበቃል። ያ 1.90 ወደ 1.45 ይወርዳል፤ 290ን ለ200 ማካፈል ነው። ሌላኛው ጨዋታ በ2.00 ቢገባ የጠበቃችሁት 760 ብር 580 ይሆናል። ካሸሯ አልቀነሰችባችሁም። ሙሉ ፑሽ የሆነ ጨዋታ ደግሞ ኦዱ 1.00 ሆኖ ይቆጠራል እንጂ ትኬቱን አይጥልም።