የኪዩቢክ ስፕላይን ጫፍ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ወደ ለገሀር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና የከፍታ መስመር መሳል አለብን እንበል። ሰርቬየሩ ሌቭል ያነሳባቸው ነጥቦች እኩል አልተራራቁም፤ መንገድ በሚገናኝበት ቦታ ይቀራረባሉ፣ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ይራራቃሉ። በእነዚህ ነጥቦች ሁሉ የሚያልፍ ለስላሳ ጥምዝ ለማግኘት ኪዩቢክ ስፕላይን እንጠቀማለን፤ ይህም በየሁለት ተከታታይ ነጥቦች መካከል አንድ የሦስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል አስቀምጦ ክፍሎቹን ያለ ስብራት የሚያገናኝ ጥምዝ ነው። ውጤቱ ሲሳል መሃሉ አምሮ ጫፎቹ ብቻ የተበላሹ ከሆነ፣ ጥፋቱን በልኬቱ ሳይሆን በጠርዝ ሁኔታው መፈለግ ይገባል። ይህ መመሪያም በዚያው ላይ ያተኩራል።

በቅድሚያ የሚፈታው የእኩልዮሽ ሥርዓት ምን እንደሚመስል እናስቀምጥ። `x[0]` እስከ `x[n]` ከመነሻው ያለው ርቀት፣ `y` ከፍታው፣ `h[i]` በሁለት ተከታታይ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት፣ `d[i]` ደግሞ ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ተዳፋት ነው። ያልታወቁት በየነጥቡ ያሉት ሁለተኛ ዲሪቬቲቮች ሲሆኑ `M[i]` እንላቸዋለን። ጥምዙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ተዳፋቱ እንዳይሰበር የሚያስገድደው ቅድመ ሁኔታ በእያንዳንዱ የውስጥ ነጥብ ላይ ይህን እኩልዮሽ ይሰጣል፦

```
h[i-1]*M[i-1] + 2*(h[i-1]+h[i])*M[i] + h[i]*M[i+1] = 6*(d[i] - d[i-1])
```

ያልታወቁት `n+1` ናቸው፤ የውስጥ ነጥቦቹ የሚሰጡት እኩልዮሽ ግን `n-1` ብቻ ነው። የጎደሉትን ሁለት ረድፎች ልኬቱ ሊሰጠን አይችልም፤ የምንሞላቸው እኛ ነን፣ የጠርዝ ሁኔታ የሚባለውም ይኸው የምንሞላው ነገር ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ችግር አብዛኛው የሚመነጨው እነዚህ ሁለት ረድፎች ምን እንደያዙ ባለማጣራት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ነጥቦቹ በ`x` ቅደም ተከተል መደርደራቸውን፣ ሁለት ነጥቦችም በአንድ `x` ላይ አለመቀመጣቸውን ያረጋግጡ። `h[i]` ዜሮ ከሆነ `d[i]`ን ማስላት አይቻልም። በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ የተነሳ ሌቭል ካለና ልዩነቱ የመለኪያ ስህተት ያህል ብቻ ከሆነ አማካዩን መውሰድ ይበቃል።

ምልክት፦ ጥምዙ በጫፉ ላይ ቀጥ ይላል፤ ከነባሩ መንገድ ጋር ሲገናኝም ተዳፋቱ አይገጥምም

ምክንያቱ ናቹራል የተባለው የጠርዝ ሁኔታ ነው። እዚህ ሁለቱ የጎደሉ ረድፎች `M[0] = 0` እና `M[n] = 0` ይሆናሉ፤ ያልታወቁት ወደ `n-1` ይቀንሳሉ፣ ማትሪክሱም ባለሦስት ሰያፍ እንደሆነ ይቀራል፤ ማለትም ከዋናው ሰያፍና ከግራና ቀኙ ካሉት ሁለት ሰያፎች ውጭ ያለው ሁሉ ዜሮ ነው። ለመጻፍ ከሁሉም ስለሚቀል ብዙ ሰው በራሱ ኮድ ሲጽፍ በዚህ ይጀምራል። በተጨማሪም ሆላዴይ በ1957 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በተሰጡት ነጥቦች ከሚያልፉ ለስላሳ ጥምዞች ሁሉ የሁለተኛ ዲሪቬቲቩ ካሬ ድምር፣ ማለትም ኢንቴግራሉ፣ ትንሹ የሚሆነው በናቹራል ስፕላይን ነው። ይህ ውጤት ትክክል ቢሆንም፣ እውነተኛው መንገድ በጫፉ ላይ አይጎብጥም ማለት ግን አይደለም። መንገዱ ጫፉ ላይ የሚጎብጥ ከሆነ ጥምዙ ያልነበረ ቀጥታነት ይጫንበታል።

መጠኑን ለማየት መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ምሳሌ መፈተሽ ይሻላል። `y = x**3`ን በ0፣ 1፣ 2 እና 4 ላይ እንውሰድ። ከፍታዎቹ 0፣ 1፣ 8፣ 64 ይሆናሉ፤ የ`h` እሴቶች 1፣ 1፣ 2፣ የ`d` ደግሞ 1፣ 7፣ 28 ናቸው። የውስጥ እኩልዮሾቹ እነሆ፦

```
M0 + 4*M1 +   M2        = 36
       M1 + 6*M2 + 2*M3 = 126
```

እውነተኛዎቹ ሁለተኛ ዲሪቬቲቮች 0፣ 6፣ 12፣ 24 ሲሆኑ ሁለቱንም እኩልዮሾች ያሟላሉ። ናቹራል ግን `M3`ን ዜሮ ስለሚያደርገው `M1 = 3.913` እና `M2 = 20.348` ይወጣል። በቀኝ ጫፍ የሚገኘው ተዳፋት 34.78 ገደማ ነው፤ መሆን የነበረበት 48 ነው። በግራ በኩል እውነተኛው `M0` ራሱ ዜሮ ስለሆነ ናቹራል በአጋጣሚ ከእውነቱ ጋር ይስማማል፤ ሆኖም የቀኙ ስህተት አልፎ `M1`ን ጭምር አዛብቶታል።

መፍትሄው በጫፉ ላይ ያለውን ተዳፋት በምናውቅበት ጊዜ እርሱኑ መስጠት ነው። ነባሩ አስፋልት በለገሀር በኩል የሚቀጥልበት ተዳፋት ተለክቶ ካለ፣ በመነሻው ያለውን ተዳፋት `s0`፣ በመጨረሻው ያለውን `sn` ብለን ሁለቱ የጎደሉ ረድፎች እንዲህ ይሞላሉ፦

```
2*h[0]*M[0] + h[0]*M[1]         = 6*(d[0] - s0)
h[n-1]*M[n-1] + 2*h[n-1]*M[n]   = 6*(sn - d[n-1])
```

ማትሪክሱ አሁን ሙሉው `n+1` በ`n+1` ሲሆን ባለሦስት ሰያፍነቱን አላጣም፤ የሰያፉ እሴት በየረድፉ ከጎኖቹ ድምር ስለሚበልጥም ረድፍ ሳይቀያየር በአስተማማኝ ይፈታል። በምሳሌያችን `s0 = 0` እና `sn = 48` ቢገባ 0፣ 6፣ 12፣ 24 በትክክል ይመለሳሉ። ናቹራል በጫፍ አካባቢ የሚሠራው ስህተት፣ የነጥቦቹን ርቀት በግማሽ ስንቀንስ ወደ አንድ አራተኛ ብቻ ይወርዳል፤ ትክክለኛ ተዳፋት ሲሰጥ ግን ወደ አንድ አስራ ስድስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ተጨማሪ ሌቭል ከማስነሳት በፊት የጫፉን ተዳፋት መለካት በእኔ ግምት የተሻለ አዋጭ ነው።

ምልክት፦ ተዳፋት ሰጥቻለሁ፣ ጫፉ ግን ይበልጥ ተጣመመ

አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ምክንያቶች አንዱ ነው። የመጀመሪያው ሳይፓይ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ `bc_type="clamped"` ብሎ መጻፍ ነው፤ ይህ ስም በዚያ የተዳፋቱን ዋጋ አይጠይቅም፣ በሁለቱም ጫፍ ዜሮ አድርጎ ይወስዳል። ቁልቁለት ላይ ያለ መንገድ ጫፉ ላይ ሜዳ እንዲሆን ይገደዳል ማለት ነው። በፈተናችን ላይ ይህ ከተደረገ ሁለተኛ ዲሪቬቲቮቹ 4.364፣ -2.727፣ 42.545 እና -63.273 ይሆናሉ፤ ምልክታቸው ከመደመር ወደ መቀነስ መመላለሱ በራሱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። የምንፈልገውን ዋጋ ለመስጠት የመጨረሻው አማራጭ እንደሚያሳየው ይጻፋል፦

```python
import numpy as np
from scipy.interpolate import CubicSpline

x = np.array([0., 1., 2., 4.])
y = x**3
for bc in ("natural", "clamped", "not-a-knot",
           ((1, 0.0), (1, 48.0))):
    print(CubicSpline(x, y, bc_type=bc)(x, 2))
```

ሁለተኛው ምክንያት የመለኪያ አሃድ ነው። የመንገድ ሰው ተዳፋትን በመቶኛ ይናገራል፤ አራት በመቶ ቁልቁለት፣ `x` እና `y` ሁለቱም በሜትር ከሆኑ፣ -0.04 እንጂ -4 አይደለም። ሦስተኛው የአቅጣጫ ስህተት ነው፤ በሁለቱም ጫፍ የሚገባው ተዳፋት `x` እየጨመረ ሲሄድ ያለው ነው። ከመነሻው ወደ ውጭ እያየ የለካ ሰው የግራውን ምልክት ገልብጦ ያስገባል። ለማረጋገጥ `s0`ን ከ`d[0]` ጋር ማወዳደር ይበቃል፤ እጅግ ከተራራቁ ወይም ምልክታቸው ከተቃረነ ቁጥሩን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ የጫፉን ተዳፋት አላውቅም፤ ኖት-ኤ-ኖት ስሞክር ግን የራሴ ኮድ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል

ኖት-ኤ-ኖት ከውጭ ምንም መረጃ አይጠይቅም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች አንድ ኪዩቢክ እንዲሆኑ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለትም እንዲሁ እንዲሆኑ ያስገድዳል። በሳይፓይም በማትላብም ነባሪው ምርጫ ይህ ነው፤ ስለዚህ በራስ ኮድ በናቹራል የተሠራ ውጤት ከእነርሱ ጋር ባይገጥም ሊያስደንቅ አይገባም። የመጀመሪያው ረድፍ እንዲህ ይሆናል፦

```
h[1]*M[0] - (h[0]+h[1])*M[1] + h[0]*M[2] = 0
```

ችግሩ የሚመጣው በዚህ ረድፍ ውስጥ ሦስት ያልታወቁ በመኖራቸው ነው፤ ሦስተኛው ከሦስቱ ሰያፎች ውጭ ይወድቃል። ባለሦስት ሰያፍ ማትሪክስን የሚፈታውን የቶማስን ዘዴ በሦስት ዝርዝሮች ብቻ የጻፈ ፕሮግራም ለ`M[2]` ቦታ ስለሌለው ቁጥሩን ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ ስህተትም አያሳውቅም። ማትሪክሱን ሳያበላሹ ለማለፍ `M[0]`ን ከዚህ ረድፍ አውጥቶ በመጀመሪያው የውስጥ እኩልዮሽ ውስጥ መተካት ነው፦

```
(h0+h1)*(2 + h0/h1)*M1 + (h1 - h0**2/h1)*M2 = 6*(d1 - d0)
```

በቀኝ ጫፍም እንደዚሁ ይደረጋል። ቀሪው `n-1` በ`n-1` የሆነ ባለሦስት ሰያፍ ማትሪክስ ነው፤ `M[0]` እና `M[n]` በመጨረሻ ይሰላሉ። ትክክል መሥራቱን በ`x**3` ይፈትሹ፦ ነጥቦቹ አራትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ኖት-ኤ-ኖት ማንኛውንም ኪዩቢክ ሳይለውጥ መመለስ አለበት። ካልመለሰ ስህተቱ በልኬቱ ሳይሆን በኮዱ ውስጥ ነው። የጫፍ ነጥቦቹ የመለኪያ ስህተት ያለባቸው ከሆነ ግን ይህ ሁኔታ ስህተቱን ወደ ጫፉ ተዳፋት አጉልቶ ያስተላልፋል፤ ያኔ ናቹራል ሊሻል ይችላል።

ምልክት፦ የተዘጋ ዙር መገጣጠሚያው ላይ ይሰበራል

የአራት ኪሎን አደባባይ የውጭ ጠርዝ ዙሪያውን ለክተን ከተነሳንበት ከተመለስን፣ ጫፍ የሚባል ነገር የለም፤ የመጨረሻው ነጥብ የመጀመሪያው ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ፔሪዮዲክ ሁኔታ ነው። `M[n]` ከ`M[0]` ጋር አንድ ስለሆነ ያልታወቁት `n` ይሆናሉ፤ መገጣጠሚያውም እንደ ማንኛውም የውስጥ ነጥብ የራሱ እኩልዮሽ ይኖረዋል፦

```
h[n-1]*M[n-1] + 2*(h[n-1]+h[0])*M[0] + h[0]*M[1] = 6*(d[0] - d[n-1])
```

በዚህ ምክንያት `h[n-1]` በማትሪክሱ ላይኛ ቀኝና ታችኛ ግራ ማዕዘን ላይ ይገባል። ተራው የቶማስ ዘዴ እነዚህን ሁለት ማዕዘኖች አያያቸውም፤ የስብራቱ ምንጭ ይኸው ነው። በሸርማንና ሞሪሰን ቀመር ማዕዘኖቹን ለይቶ አንድን ባለሦስት ሰያፍ ማትሪክስ በሁለት የተለያዩ የቀኝ ጎኖች መፍታትና ማዋሃድ ይቻላል። ሌላው እንቅፋት ከመስክ የሚመጣ ነው፦ ዙሩ ሲዘጋ የመጨረሻው ከፍታ ከመጀመሪያው በጥቂት ሚሊሜትር ይለያል። ሳይፓይ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሥራውን አይቀበልም። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ በግድ ማስተካከል ልዩነቱን በሙሉ በአንድ ክፍል ላይ ስለሚጭነው፣ የመዝጊያ ስህተቱን እንደ ሌቭል ሥራ ልማድ በየነጥቡ አከፋፍሎ መግባት ይገባል።

ምልክት፦ የጠርዝ ሁኔታውን ቀየርኩ፣ መሃሉ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል

ነጥቦቹ እኩል ሲራራቁ፣ በጫፍ ላይ የተደረገ ለውጥ በ`M` እሴቶች ላይ የሚያሳርፈው ተጽዕኖ በእያንዳንዱ ክፍል ምልክቱን እየቀያየረ ወደ 0.268 ያህል፣ ማለትም ወደ `2 - sqrt(3)`፣ ይቀንሳል። ከአምስት ክፍል በኋላ የሚቀረው ከሺህ ሁለት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከጫፍ ስድስትና ሰባት ነጥብ ርቆ የሚታይ ሞገድ ከጠርዝ ሁኔታ ሊመጣ አይችልም። ምንጩ ራሱ ልኬቱ ነው፦ ስፕላይኑ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ እንዲያልፍ ስለተገደደ፣ እጅግ ተቀራርበው በተነሱ ሁለት ሌቭሎች መካከል ያለችውን የአንድ ሴንቲሜትር ስህተት እንደ እውነተኛ ጉብታ ይስላታል። በዚህ ጊዜ ወይ ከተቀራረቡት ነጥቦች አንዱን ማውጣት፣ ወይም በነጥቦቹ ላይ የግድ የማያልፍ፣ አጠገባቸው የሚሄድ አለስላሽ ስፕላይን መምረጥ ያስፈልጋል። በሳይፓይ ለዚህ `make_smoothing_spline` አለ፤ ምን ያህል ይለስልስ የሚለውን ለመወሰን ደግሞ የሌቭሉ መሣሪያ የስህተት መጠን ጥሩ መነሻ ነው።