የኤስዲአር ዋጋ ከአይኤምኤፍ ቁጥር ጋር አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ኤስዲአር የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የሒሳብ መለኪያ ነው፤ በኮምፒውተር ላይ XDR ተብሎ ይጻፋል። ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 ከድርጅቱ የተፈቀደላት 2.556 ቢሊዮን ኤስዲአር በዜና 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተብሎ የተነገረው ይህ መለኪያ በየዕለቱ ወደ ዶላር ስለሚመነዘር ነው። በኤስዲአር የተያዙ ብድሮችን በምዘግብባቸው ዓመታት ሰዎች በኤክሴል ራሳቸው ያሰሉት ዋጋ ድርጅቱ ካወጣው ጋር አልገናኝ ሲላቸው ፋይሉን ይዘው ይመጡ ነበር። ከአሥሩ ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ ጥፋቱ አንድ ነው፤ እርሱን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሌሎቹን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ።

መጀመሪያ ትክክለኛው ስሌት ይኸውና። ከኦገስት 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ቅርጫት ውስጥ አንድ ኤስዲአር ማለት 0.57813 የአሜሪካ ዶላር፣ 0.37379 ዩሮ፣ 1.0993 የቻይና ዩዋን፣ 13.452 የጃፓን የን እና 0.080870 የእንግሊዝ ፓውንድ አብረው ማለት ነው። እያንዳንዱን በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ዶላር ቀይሮ መደመር ነው። ለምሳሌ ያህል ዩሮ 1.10 ዶላር፣ ፓውንድ 1.30 ዶላር፣ አንድ ዶላር ደግሞ 7 ዩዋንና 140 የን ቢሆን፦

```
0.57813 + 0.37379*1.10 + 1.0993/7 + 13.452/140 + 0.080870*1.30 = 1.34756
```

አንድ ኤስዲአር 1.34756 ዶላር ሆነ ማለት ነው።

ምልክት፦ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን በየሳምንቱ እየሰፋ ይሄዳል

ያ ደጋግሞ የሚመጣው ጥፋት ይህ ነው። መንስኤው «ክብደት» የሚለው ቃል ነው። ድርጅቱ ቅርጫቱን ሲያሳውቅ የእያንዳንዱን ገንዘብ ክብደት ዶላር 43.38፣ ዩሮ 29.31፣ ዩዋን 12.28፣ የን 7.59፣ ፓውንድ 7.44 በመቶ ብሎ ነው፤ ጋዜጣውም የሚያትመው ይህንኑ ነው። ሰው እነዚህን መቶኛዎች ቋሚ አድርጎ ይይዛቸዋል። ቋሚው ግን መቶኛው አይደለም፤ ቋሚው የገንዘቡ መጠን ነው። 13.452 የን እስከ ቅርጫቱ ዘመን ፍጻሜ 13.452 የን ነው። የየን ድርሻ ግን በየዕለቱ ምንዛሪው ሲቀየር ይቀየራል። እንዲያውም መጠኖቹ የወጡት ከኦገስት በፊት በነበሩት የሦስት ወራት አማካይ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ድርሻው በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን ከታወጀው ጋር ልክ ለልክ አልነበረም።

መቶኛውን በቀጥታ በምንዛሪ የሚያባዛ ሰው ቶሎ ይያዛል። ከላይ ባለው ምንዛሪ 0.871 ያህል ያገኛል፤ በቅርጫቱ ውስጥ ያለው ዶላርና ዩሮ ብቻውን ከዚያ ስለሚበልጥ ስህተቱን ሕፃን ያየዋል። አደገኛው የትናንቱን ዋጋ ይዞ የእያንዳንዱን ገንዘብ የዕለት ለውጥ በመቶኛው አባዝቶ የሚያሻሽለው ነው። ይህ ቁጥር ለወራት እውነት ይመስላል።

አንድ ጊዜ የፕሮጀክት ሒሳብ ሠራተኛ በዚህ መንገድ የተሠራ ፋይል አመጣችልኝ። ቀመሩን የሠራው ከእርሷ በፊት የነበረው ሰው ነው፤ ሥራውን ሲለቅ ማብራሪያ አላስቀመጠም። እርሷም በየወሩ መጨረሻ «የምንዛሪ ማስተካከያ» የሚል መስመር እየከፈተች ልዩነቱን ትዘጋ ነበር። ይህን አታድርጉ። ልዩነት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ የምንዛሪ ጉዳይ አይደለም፤ ቀመሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። በማስተካከያ በሸፈናችሁት ቁጥር ኦዲተሩ የሚያገኘው ክምር ያድጋል።

ያሳየኋት እንዲህ አድርጌ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ የየን ድርሻ 13.452 ለ140 ተካፍሎ 0.09609 ዶላር ነው፤ ይህም ከ1.34756 ውስጥ 7.13 በመቶ እንጂ 7.59 አይደለም። አሁን አንድ ዶላር 160 የን ይሁንና ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆይ። የየን ዋጋ 12.5 በመቶ ወርዷል። በትክክለኛው መንገድ የየኑ ክፍል 0.08408 ይሆንና ድምሩ 1.33555 ይመጣል። በፋይሉ መንገድ ግን 7.59 በመቶ ሲባዛ በ12.5 በመቶ ይቀነስና 1.33477 ይወጣል። ልዩነቱ በአሥር ሚሊዮን ኤስዲአር ላይ 7,700 ዶላር ገደማ ነው፤ ያውም አንድ ገንዘብ ብቻ ተንቀሳቅሶ። ነገ ስሌቱ ከዚህ ከተሳሳተው ቁጥር ስለሚነሳ ስህተቱ በራሱ አይታረምም።

መፍትሄው ቀመሩን ማስታመም አይደለም። የመቶኛውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ አምስቱን መጠኖች አስገቡ፤ እያንዳንዱን ቀን ከዜሮ አስሉ። የዛሬው ዋጋ የትናንቱን ዋጋ አይፈልግም። የቀደሙትን ወራትም በዚሁ መልሳችሁ አስሉ፤ የዛሬውን ብቻ አርማችሁ እንዳታልፉ።

ምልክት፦ ቁጥሩ በድንገት ይፈነዳል፣ ወይም በጥቂት ሳንቲሞች ይወርዳል

ምንዛሪው ተገልብጧል። ዩሮና ፓውንድ «አንድ ዩሮ ስንት ዶላር» ተብለው ስለሚጻፉ ይባዛሉ፤ የንና ዩዋን «አንድ ዶላር ስንት የን» ስለሚባሉ ይካፈላሉ። የን ቢገለበጥ ውጤቱ ከ1,880 በላይ ስለሚሆን ወዲያው ይታያል። ዩሮ ግን አይጮኽም፤ በእኛ ምሳሌ 1.2762 ይሰጣል፤ ላላወቀ ሰው ደህና ቁጥር ነው። በጁላይ 2022 ዩሮ ከአንድ ዶላር ጋር ሊስተካከል በተቃረበበት ጊዜ የተሠራ አንድ ፋይል አይቻለሁ። ዩሮው ተገልብጦ ነበር፤ በ1.01 ምንዛሪ ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲም በታች ስለሆነ የፈተነው ሰው አለፈው። ቀመር ስትፈትኑ ዩሮው ከአንድ ዶላር ራቅ ባለበት ቀን ፈትኑ።

ምልክት፦ ልዩነቱ ከ2022 ኦገስት በኋላ ጀመረ

የድሮው ቅርጫት መጠኖች አልተነሱም። ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ የነበሩት 0.58252 ዶላር፣ 0.38671 ዩሮ፣ 1.0174 ዩዋን፣ 11.900 የን እና 0.085946 ፓውንድ ነበሩ። በእኛ ምሳሌ ምንዛሪ 1.34997 ይሰጣሉ፤ በአሥር ሚሊዮን ላይ 24,000 ዶላር ገደማ ልዩነት ነው። አዲሶቹ መጠኖች የሚወሰኑት በመሸጋገሪያው ዕለት የአሮጌውና የአዲሱ ቅርጫት ዋጋ እኩል እንዲሆን ተደርጎ ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን የሚያስነቃ ዝላይ አይታይም። ይህንን የሚያስከትለው መጠኖቹን ቀመሩ ውስጥ መጻፍ ነው። በተለየ ሰንጠረዥ ከሚጸኑበት ቀን ጋር አስቀምጧቸው።

ምልክት፦ አራተኛው ወይም አምስተኛው አኃዝ ብቻ ይለያያል

ምንዛሪ የወሰዳችሁበት ሰዓት ነው። ድርጅቱ የሚጠቀመው በለንደን እኩለ ቀን አካባቢ ያለውን ነው፤ በአዲስ አበባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ለንደን ሰዓቱን በሚያስቀድምባቸው ወራት ደግሞ ስምንት ሰዓት ይሆናል። የማታ መዝጊያ ምንዛሪ ወስዶ ከዚያ ጋር ማመሳከር ጊዜ ማባከን ነው። የመጨረሻው አኃዝ ብቻ ከሆነ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው፤ ዋጋው በስድስት አኃዝ ይታተማል። ለክፍያ ሰነድ ደግሞ ድርጅቱ ያሳተመውን ቁጥር እንጂ የራሳችሁን አትጠቀሙ።

የአሁኑ ቅርጫት ዘመን በጁላይ 2027 ያበቃል። ከኦገስት 1 ቀን በፊት በሰንጠረዡ ላይ ለአዲሶቹ አምስት መጠኖች ባዶ ረድፍ ክፈቱ፤ የምታስገቡትም መጠኖቹን እንጂ በዜና የሚነገሩትን መቶኛዎች አይደለም።