ህዳጋዊ ወጪ አማካይ ወጪን ዝቅተኛው ነጥብ ላይ አልቆርጥ ሲላችሁ፦ ችግሩና መፍትሄው

ሁለቱን ኩርባዎች ስላችሁ ስትጨርሱ መቋረጫቸው ትንሽ ወደ ግራ ወይ ትንሽ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ይገኛል። ወይም ሠንጠረዡን በትክክል ደምራችሁ አካፍላችሁ፣ እኩል መሆን ያለባቸው ቁጥሮች እኩል አይሆኑም። የተማሪ ወረቀት ሳርም ከአንድ ክምር ውስጥ ይህ ስህተት የሌለበት ማግኘት ብርቅ ነው፤ ደግሞ ስህተቱ ሁሌም ያው ነው።

ማርጂናል ኮስት የምንለው፣ በመጽሐፉ አማርኛ ህዳጋዊ ወጪ፣ አንድ ዕቃ ጨምረን ስናመርት ጠቅላላው ወጪ ላይ የሚታከለው ነው። አማካይ ወጪ ደግሞ ጠቅላላው ወጪ ለተመረተው ዕቃ ሲካፈል የሚመጣው። ይህን ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፍ። እስከ መጨረሻው የምንጠቀምበት ምሳሌ ይኸውላችሁ፣ TC ጠቅላላ ወጪ፣ q የዕቃው ብዛት ነው፣ 32 ደግሞ ምንም ባናመርት እንኳ የማይቀርልን ቋሚ ወጪ።

```
TC = q^3 - 6q^2 + 15q + 32
```

| ብዛት | ጠቅላላ ወጪ | አማካይ ወጪ | የመጨረሻው ዕቃ የጨመረው |
|---|---|---|---|
| 1 | 42 | 42 | 10 |
| 2 | 46 | 23 | 4 |
| 3 | 50 | 16.67 | 4 |
| 4 | 60 | 15 | 10 |
| 5 | 82 | 16.4 | 22 |

ምልክት፦ ሠንጠረዡ ላይ እኩል የሚሆኑበት ቦታ የለም

አማካዩ ዝቅ የሚለው 4ኛው ላይ ነው፣ 15። ህዳጋዊውም እዚያ 15 መሆን ነበረበት። ሠንጠረዡ ግን 10 ይላል፣ ቀጥሎ ደግሞ ዘሎ 22። 15 የሚባል ቁጥር በአምዱ ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ተማሪው ይደነግጣል፤ ቁጥሩን ጎትቶ 15 የሚያደርግም አጋጥሞኛል።

ስሌቱ ግን ምንም አልሆነም። ምክንያቱ ሌላ ነው፦ 10 ማለት «4 ላይ ስንሆን» ያለው ወጪ አይደለም፣ ከ3 ወደ 4 የተሄደበት የመንገዱ ሁሉ ወጪ ነው። ስለዚህ 4 ላይ ከተከላችሁት ኩርባው በሙሉ በግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ መቋረጫውም አብሮት ይሄዳል።

መፍትሄው 10ን 3.5 ላይ፣ 22ን 4.5 ላይ መትከል ነው። ሁለቱን አገናኙና 4 ላይ አንብቡት፣ 16 ይላል። ከ15 ጋር ተቀራረበ። ይበልጥ እንዲጠጋ ከፈለጋችሁ እርምጃውን አሳጥሩት። ከ3.9 ወደ 4.1 ስንሄድ ጠቅላላው ወጪ ከ58.559 ወደ 61.561 ይወጣል፤ ልዩነቱ 3.002 ነው፣ ለ0.2 ሲካፈል 15.01። ዴሪቬቲቭ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ `MC = 3q^2 - 12q + 15` ውስጥ 4ን አስገቡ፣ ልክ 15 ይወጣል። ከዚህ በኋላ ህዳጋዊ ወጪ ስል ይህችን ቀመር ማለቴ ነው።

ፈተና ላይ ሠንጠረዥ ብቻ ከተሰጣችሁ እኩልነት ፍለጋ ጊዜ አትፍጁ። 4ኛው ዕቃ ያስወጣው ከአማካዩ በታች፣ 5ኛው ያስወጣው ከአማካዩ በላይ መሆኑን ካያችሁ ዝቅተኛው ቦታ ተገኝቷል።

ግን ለምን እዚያው ላይ?

ይህን ሳትረዱ የሚቀጥሉትን ማስተካከል ሸምድዶ መጻፍ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ እዚህ ትንሽ እንቆይ። ሦስት ዕቃ ሲኖር ጠቅላላው 50 ነው፣ እያንዳንዱ 16.67 ተሸክሟል። 4ኛው መጣ፣ ያስወጣው 10 ብቻ። ከነባሮቹ ድርሻ በ6.67 ያነሰ ይዞ ነው የመጣው። ይህ ቅናሽ ለአራቱም ይከፋፈላል፣ ለእያንዳንዳቸው 1.67 ይደርሳል። 16.67 ላይ 1.67 ሲቀነስ 15። ሠንጠረዡ ያለውም ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ 5ኛው መጣ፣ በ22። አሁን ያለው አማካይ 15 ስለሆነ በ7 ይበልጣል። ያ ትርፍ ሸክም ለአምስት ሲካፈል 1.4 ነው፣ 15 ላይ 1.4 ተጨምሮ 16.4። አያችሁ፣ አማካዩን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነገር የለም። አዲሱ ዕቃ ከአማካዩ ያለው ርቀት፣ ለሁሉም ተካፍሎ፣ በቃ። በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ በግራ ያለው የአማካይ ወጪ ኩርባ ተዳፋት ነው።

```
dAC/dq = (MC - AC) / q
```

ህዳጋዊው ከአማካዩ በታች እስካለ ድረስ ልዩነቱ ነጌቲቭ ነው፣ አማካዩ ይወርዳል። ከበላይ ሲሆን ይወጣል። አማካዩ መውረዱን አቁሞ መውጣት ሊጀምር ሲል ለአፍታ አይወርድም አይወጣም፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ቢቆራረጡ ምን እንደሚመጣ አስቡት፦ አማካዩ ገና እየወረደ ሳለ ህዳጋዊው ካለፈው፣ ከዚያ በስተቀኝ ከአማካዩ የሚበልጥ ዕቃ እየጨመርን አማካዩ ይወርዳል ማለት ነው። ይህ የማይሆን ነገር ነው። ሥዕላችሁን የምትፈትሹትም በዚሁ ነው፤ ማንኛውም ቦታ ላይ ጣት አስቀምጡና ህዳጋዊው ከታች ከሆነ አማካዩ እየወረደ መሆኑን እዩ።

ምልክት፦ የሁለቱም ሆድ አንድ ቦታ ላይ ተሥሏል

ሁለት U ቅርጽ፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ ታችኛው ነጥባቸው ተነካክቶ። በጣም የተለመደ ነው። ስትጠይቋቸው መልሱ «ህዳጋዊው መውጣት ሲጀምር አማካዩም አብሮ መውጣት አለበት» ነው።

የለበትም። ወሳኙ ህዳጋዊው ወዴት እያመራ ነው ሳይሆን የት ነው ያለው የሚለው ነው። ኩሙላቲቭ ግሬዱ 3.0 የሆነ ተማሪ አስቡ። ያለፈው ሴሚስተር 2.0 አመጣ፣ የአሁኑ 2.5። ሴሚስተሩ ተሻሽሏል፣ ኩሙላቲቩ ግን አሁንም ይወርዳል፣ 2.5 ከአማካዩ በታች ነዋ! በምሳሌያችንም ህዳጋዊ ወጪ ዝቅ የሚለው 2 ላይ ነው፣ 3። 3 ላይ ሲደርስ 6 ሆኗል፣ እጥፍ ማለት ነው፤ አማካዩ ግን ከ23 ወደ 16.67 ወርዷል። ከ2 እስከ 4 ባለው ክፍል አንዱ እየወጣ ሌላው ይወርዳል።

መፍትሄው የአሣሣል ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ አማካዩን ሣሉ፣ ዝቅተኛውን ነጥብ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ህዳጋዊውን ከምልክቱ በስተግራና በታች ሆዱን አስይዛችሁ፣ እየወጣ ምልክቱ ላይ እንዲያልፍ አድርጉ። ህዳጋዊውን አስቀድሞ የሣለ ሰው አማካዩን ሲያስገባ ማጣመሙ አይቀርም።

ምልክት፦ መቋረጫው ሁለት ሆነብኝ፣ ወይም ቋሚ ወጪው ሲለወጥ ቦታውን ለቀቀ

ሁለት መሆኑ ልክ ነው። ቋሚውን 32 ትተን ተለዋዋጩን ብቻ ካካፈልን፣ አማካይ ተለዋዋጭ ወጪ ዝቅ የሚለው 3 ላይ ነው፣ 6 ሆኖ። ህዳጋዊውም እዚያ 6 ነው። ከዚያ ወጥቶ ጠቅላላውን አማካይ 4 ላይ በ15 ይቆርጠዋል። ሁለቱንም በየሆዳቸው ነው ያገኘው፣ ምክንያቱም ቅድም ያየነው የማካፈል ነገር ለየትኛውም አማካይ ይሠራል።

አሁን ቋሚው ወጪ ከ32 ወደ 100 ይውጣ፣ ኪራይ ጨመረ በሉት። ብዙ ሰው ሁለቱንም ኩርባ ወደ ላይ ያነሳቸዋል። ስህተቱ ያ ነው። ኪራይ ሲጨምር አንድ ተጨማሪ ዕቃ የሚያስወጣው አይለወጥም፣ ስለዚህ ህዳጋዊው ንቅንቅ አይልም። አማካዩ ግን ይነሳል፦ 4 ላይ 128 ለ4፣ 32 ይሆናል። ህዳጋዊው እዚያ አሁንም 15 ስለሆነ አማካዩ ገና ይወርዳል። 5 ላይ 150 ለ5፣ 30። ህዳጋዊው 5 ላይ ስንት ነው? 30። ዝቅተኛው ነጥብ ባለበት አልቀረም፣ በህዳጋዊው ኩርባ ላይ ሽቅብ ተንሸራቶ ከ4 ወደ 5 ሄደ እንጂ።

ስለ ዝቅተኛ ነጥቦች ካነሳን አይቀር፣ እዚህ ላይ የተሳሳተው ጀማሪ ብቻ አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ጄኮብ ቫይነር እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የፋብሪካው መጠን ራሱ ሊለወጥ የሚችልበት የረጅም ጊዜው አማካይ ኩርባ፣ መጠኑ በማይለወጥባቸው የአጭር ጊዜ ኩርባዎች ሁሉ ዝቅተኛ ነጥብ እንዲያልፍ፣ ግን ከአንዳቸውም በላይ እንዳይወጣ ይፈልግ ነበር። ሥዕሉን የሚሠራለት ሰው አይሆንም አለው፣ ልክም ነበር። ሁለት ኩርባዎች ሳይቆራረጡ ሲነካኩ ተዳፋታቸው እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ሆዱ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ሌላው እየወረደ ሊነካካ አይችልም።

ምልክት፦ ጭራሽ አይቆራረጡም

ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ቋሚ ወጪው 100፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ ሁሌም 5 የሚያስወጣ ቢሆን አማካዩ በ10 ዕቃ 15፣ በ100 ዕቃ 6፣ በ1000 ዕቃ 5.1 ነው። ወደ 5 ይጠጋል እንጂ አይደርስበትም። ሆድ ስለሌለው መቋረጫም የለውም። የተጻፈ ሶፍትዌርን ማባዛት ለዚህ ይቀርባል። ጥያቄው እንዲህ ከሆነ በግድ U አድርጋችሁ አትሣሉ።

ምልክት፦ መቋረጫውን «ትርፍ የሚበዛበት» ብዬ ጻፍኩ፣ ተሰረዘብኝ

መሰረዙ ተገቢ ነው። መቋረጫው አንድ ዕቃ በአማካይ በርካሽ የሚመረትበትን ብዛት ነው የሚነግራችሁ፣ ስለ ዋጋ የሚያውቀው ነገር የለም። ወደ ቋሚ ወጪ 32 እንመለስና ገበያው ለአንዱ 30 ይክፈል። 4 አምርተን ብናቆም ሽያጩ 120፣ ወጪው 60፣ ትርፉ 60። 5 ብናመርት ሽያጩ 150፣ ወጪው 82፣ ትርፉ 68። አማካዩ ወደ 16.4 ከፍ ብሏል፣ ትርፉ ግን ጨምሯል፤ ምክንያቱም ህዳጋዊው ከዋጋው ጋር የሚገናኘው 5 ላይ ነው። ሁለቱ ነጥቦች አንድ የሚሆኑት ዋጋው 15 ሲሆን ነው። ያኔ 4 ዕቃ 60 ያስገባል፣ 60 ያስወጣል፣ ትርፉም ዜሮ ነው።